ሰነድ በስልክ ስታነሱ፦ ያቺ እጥፋት ላይ ያለችው ቁጥር

አዲስ አገር ስትገቡ «ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ» መባል አይቀርም። ያንን ፎቶ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያነበው ሰው ሳይሆን ኮምፒውተር ነው። ስማችሁንና የፋይል ቁጥራችሁን ከምስሉ ላይ ለቅሞ ፎርም ላይ ይሞላል። 8 ቁጥር በግማሽ ከደበዘዘች 3 ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ደውሎ አይጠይቃችሁም።

ለሦስት ታጥፎ በፖስታ የመጣ ደብዳቤ እንውሰድ። የፋይል ቁጥሩ ልክ እጥፋቱ ላይ አርፏል። ጊዜ ካላችሁ ከባድ መጽሐፍ ስር አሳድሩት። ከቸኮላችሁ ደግሞ በተቃራኒው አጠፍ አድርጋችሁ ዘርጉትና በቀን መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቃት ዘዴ አለች፦ የእጥፋቱ መስመር ወደ መስኮቱ እንዲያመለክት ወረቀቱን አዙሩት። ብርሃኑ በእጥፋቱ ርዝመት ሲሄድ ጥላ አይሠራም። በጎን ሲመታው ግን ጉብታው ቁጥሩ ላይ ጥቁር መስመር ያሰምርበታል።

መስኮቱ ከጎናችሁ ይሁን። ከጀርባችሁ ከሆነ የራሳችሁ ጥላ ወረቀቱ ላይ ይወድቃል። ቀጥታ ፀሐይም አይሁን። ፍላሹን አጥፉት፤ በተለይ ላሚኔት የተደረገ ነገር ላይ ነጭ ቦግታ ፈጥሮ ሥሩ ያለውን ጽሑፍ ያጠፋዋል።

አሁን ርቀቱ። ለንባብ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያህል ቢገኝ ጥሩ ነው። 12 ሜጋፒክስል ካሜራ ያለው ስልክ ኤፎር ወረቀት ፍሬሙን ሲሞላለት ከዚህ ትንሽ ያልፋል። ወረቀቱ የፍሬሙን ግማሽ ርዝመት ብቻ ከያዘ ግን ጥራቱም በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ወረቀቱ ፍሬሙን ሊሞላ ሲል አቁሙ፤ አራቱም ማዕዘን ይታይ፣ ዙሪያውን የጣት ስፋት ያህል ይትረፍ። 0.5x የሚለውን ሰፊ ሌንስ አትንኩት፣ ዳር ዳሩን ይለጥጠዋል። ስልኩን ከወረቀቱ መሃል በላይ፣ ሳታጋድሉ ያዙት። ነጭ ወረቀት ነጭ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ፕሮግራሙ ጠርዙን ስለሚስተው ሥሩ ጠቆር ያለ ጨርቅ አንጥፉ።

ካነሳችሁ በኋላ ፎቶውን አጉልታችሁ ትንሿን ጽሑፍ ፈልጉ። ርዕሱማ ሁሌም ይነበባል። 6ና 8 ይለያሉ? የአማርኛ የልደት ሰርተፍኬት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ «ሱ»ን ከ«ሲ» የምትለየው አንዲት ጭረት ናት፣ እሷ ከደበዘዘች ስሙ ሌላ ሰው ይሆናል። ካልተለየ ድጋሚ አንሱ፤ ኤዲት ማድረግ ያልተነሳውን ጭረት አያመጣውም።

ስትልኩም በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ መተግበሪያው ምስሉን ያሳንሰዋል።