የፈረንሳይኛ ጋዜጣ በየቃሉ ሳልቆም ያነበብኩበት መንገድ

ጅማ ሆኖ ስለ ቡና ዋጋ አለመስማት አይቻልም። እኔም አንድ የፈረንሳይ ጋዜጣ ስለዚሁ የጻፈውን ማንበብ ፈለግሁ። ችግሩ፣ በየቃሉ መዝገበ ቃላት ስገልጥ የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ይጠፋኛል። መፍትሔው ቃሉን መገነጣጠል ሆነ።

ርዕሱ ላይ «ራንሼሪስማን» የሚል ረጅም ቃል አለ። ከኋላ ጀመርኩ። «ማን» ከግስ ስም የሚያወጣ ቅጥያ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ የሆነ ድርጊት ስም ነው። መሃል ላይ «ሼር» አለ፣ ውድ ማለት ነው። ከቡና ጋር ሲገጥም የዋጋ መናር መሆኑ ግልጽ ነው።

ዝናብን የሚገልጸው «ኤንፕሬቪዚብል» ደግሞ በጣም ደስ ይላል። «ፕሬ» ቀድሞ፣ «ቪዝ» ማየት (ቴሌቪዥን ውስጥም አለ)፣ «ኢብል» የሚቻል፣ ፊት ያለው «ኤን» አፍራሽ። ቀድሞ ሊታይ የማይችል፣ ማለትም የማይገመት ዝናብ።

መጠንቀቅ ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። ዝቅ ብሎ «ኤንፖርታተር» ይመጣል። እዚህ «ኤን» አፍራሽ አይደለም፣ «ወደ ውስጥ» ነው። «ፖርት» መሸከም፣ «አተር» አድራጊውን ያሳያል፤ አስመጪ ማለት ነው። አፍራሹ «ኤን» በብዛት የሚገባው ቅጽል ላይ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የቃሉን መጨረሻ እዩ። «ኢብል» ወይም «አብል» ካለው አፍራሽ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከዚያ ግምታችሁን ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አስገቡት። ካልተዋጠላችሁ ያንን አንድ ቃል ብቻ መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጉ።