ስትነሱ ልባችሁ ይዘላል? መጀመሪያ በትክክል እንለካው

ከአልጋ ትነሳላችሁ። ሁለት እርምጃ ሳትራመዱ ዓይናችሁ ጭልም ይላል፣ ልባችሁ ድው ድው ይላል፣ ግድግዳውን ይዛችሁ ትቆማላችሁ። የእጅ ሰዓታችሁን ስታዩ የልብ ምት 125 ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወይ "ድካም ነው" ብሎ ይተወዋል፣ ወይ ፖትስ የሚባለውን ችግር አንብቦ "በቃ ይሄ ነው" ይላል። እኔ ግን ሁለቱንም ከማለታችሁ በፊት ጥቂት ጠዋት እንድትለኩ እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ያቺ 125 ብቻዋን ምንም አትነግራችሁም።

ስንቆም ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። ሰውነት ወዲያው የደም ስሮችን ያጠብባል፣ ልብም ትንሽ ይፈጥናል፣ ነገሩ ይስተካከላል። ፖትስ ባለበት ሰው ይህ ማስተካከያ በደንብ ስለማይሠራ ልብ ሸክሙን ይወስዳል። ይፈጥናል፣ ሰውየው ቆሞ እስካለ ድረስም አይወርድም። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መለኪያ ይህ ነው፦ በቆሙ በ10 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት ተጋድመው ከነበረው በደቂቃ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 19 ለሆኑ 40 ነው። ጭማሪው ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሳይሆን የሚቆይ መሆን አለበት። የደም ግፊት ደግሞ አይወድቅም። ምልክቱም ቢያንስ 3 ወር የቆየ መሆን አለበት።

አለካኩ

ጠዋት ከቁርስና ከቡና በፊት ቢሆን ይመረጣል፣ ችግሩ ካለ ያን ጊዜ ጎልቶ ይታያል። ብቻችሁን አትሥሩት። ልትወድቁ ስለምትችሉ አጠገባችሁ ሰው ይኑር። ክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ያስፈልጋችኋል፣ ምቱንም አብሮ ያሳያል።

10 ደቂቃ በጀርባችሁ ተጋደሙ። ስልክ አትነካኩ፣ አታውሩ። በመጨረሻ ምቱንና ግፊቱን ለኩና ጻፉ። ከዚያ ተነሱና ቁሙ፣ ትከሻችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፉ፣ ተረከዛችሁ ከግድግዳው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ከዚህ በኋላ እግራችሁን አታንቀሳቅሱ። ይህን ደጋግሜ የምለው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ነው። ባታችሁ ሲንቀሳቀስ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ አንድ ሁለቴ ወዲያ ወዲህ ካላችሁ ቁጥሩ ወርዶ "ደህና ነኝ" ያስብላችኋል። በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ10ኛው ደቂቃ ለኩ። ሊጥላችሁ ከመሰላችሁ 10 እስኪሞላ አትጠብቁ፣ ወዲያው ተጋደሙና ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንዳቆማችሁ ጻፉ። እሱም ራሱ ውጤት ነው።

ሌላው ስሕተት እጅ ነው። ቆማችሁ ግፊት ስትለኩ ክንዳችሁን በልባችሁ ትክክል ደግፉት፣ አብሯችሁ ያለው ሰው ቢይዝላችሁ ጥሩ ነው። እጁ ወደ ታች ከተንጠለጠለ መሣሪያው ግፊቱን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያነበዋል፣ የወደቀ ግፊት ቢኖር እንኳ ይሸፈናል። የእጅ ሰዓት ደግሞ ላላ ብሎ ከታሰረ ወይም እጃችሁ ከቀዘቀዘ ይሳሳታል። ከተጠራጠራችሁ ሁለት ጣት አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ 30 ሰከንድ ቁጠሩና በ2 አባዙት።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ስትነሱ ምቱ ዘሎ ደቂቃ ሳይሞላ ከወረደ፣ ይህ ጤነኛ ሰው ላይም የሚሆን ነው። የመጀመሪያውን 30 ሰከንድ እርሱት። ቀስ ብላችሁ ተነሱ፣ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ቁጭ በሉ።

በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ግፊት በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ግን መንገዱ ሌላ ነው። የልብ ምት መጨመሩ እዚህ ጋ ግፊቱ ስለወደቀ ሊሆን ይችላል። የፈሳሽ ማነስ፣ የግፊት ወይም የሽንት መድኃኒት ይህን ያመጣሉ። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ቁጥሩን ይዛችሁ ላዘዘላችሁ ሐኪም አሳዩ።

ግፊቱ ሳይወድቅ ምቱ በ30 እና ከዚያ በላይ ጨምሮ እዚያው ከቆየ ፖትስ ሊሆን ይችላል። "ሊሆን" ነው ያልኩት። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት፣ ትኩሳት፣ ለብዙ ቀን ተኝቶ መክረም ቁጭ ይህንኑ ቁጥር ሊያወጡ ይችላሉ።

ይህን ያየሁት አንዲት የቅርብ ዘመዴ ላይ ነው። 27 ዓመቷ ነው፤ ሻወር ስትወስድ መቆም እያቃታት መጥቶ ነበር። ፖትስ ነው ብላ ደምድማ ነበር። ለ5 ጠዋት በደብተር ለካን። የአንዱ ቀን ይህን ይመስላል፦

ተጋድማ፦ ምት 76፣ ግፊት 110/68
1 ደቂቃ፦ ምት 109፣ ግፊት 108/70 (ጭልም አለ)
3 ደቂቃ፦ ምት 112፣ ግፊት 106/70
5 ደቂቃ፦ ምት 111፣ ግፊት 108/72 (እጅ ተንቀጠቀጠ)
10 ደቂቃ፦ ምት 114፣ ግፊት 106/70
ማስታወሻ፦ የወር አበባ 6ኛ ቀን፣ ብዙ ደም

ልዩነቱ 38 ነው፣ ግፊቱም አልወደቀም። ቁጥሩን ብቻ ካያችሁት መለኪያውን ያሟላል። ሐኪሟን ያስቆመችው ግን የመጨረሻዋ መስመር ነበረች። ደም ምርመራ አዘዘላት፣ ሄሞግሎቢኗ 8.9 ሆነ። የብረት እጥረት ያመጣው ደም ማነስ ነበር። ብረቱን ወስዳ የወር አበባዋም ከታከመ በኋላ ከ3 ወር በላይ ቆይተን ስንለካ ልዩነቱ ወደ 17 ወርዶ ነበር። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ምን እንደተሰማችሁ፣ እንቅልፋችሁን፣ የወር አበባን፣ የወሰዳችሁትን መድኃኒት ጻፉ። አንድ ቀን አይበቃም፣ በተለያየ ቀን ደጋግሙት።

ፖትስ መሆኑ ሲረጋገጥ

መጀመሪያ የሚሞከረው ፈሳሽ ነው፣ ለአብዛኛው አዋቂ በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር። ጨው መጨመርም ይረዳል፤ ግን የደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ላለበት አደገኛ ስለሆነ ሐኪም ሳይፈቅድ አትጀምሩት። እስከ ወገብ የሚደርስና ሆድንም የሚይዝ ጠበቅ ያለ ልብስ ካልሲ ብቻ ከማድረግ ይሻላል። ስፖርቱ ተቀምጦ ወይም ተጋድሞ በሚሠራ ይጀመር፣ ለምሳሌ ወደ ኋላ ተደግፈው በሚነዱት የቤት ውስጥ ብስክሌት። ወረፋ ላይ ቆማችሁ ጭልም ሊላችሁ ሲል እግራችሁን አጠላልፋችሁ ጭናችሁንና መቀመጫችሁን አጥብቃችሁ ጨምቁ፣ ደሙ ወደ ላይ ይመለሳል። ሐኪሙ ምቱን የሚቀንስ መድኃኒት ሊጨምር ይችላል፣ ከሐኪም ውጭ ግን አይሞከርም።

የደረት ሕመም ካለ፣ ተጋድማችሁ ወይም ስትሮጡ ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ምቱ ወጥ ሳይሆን እየዘለለ የሚመታ ከሆነ፣ ሰገራችሁ ከጠቆረ ወይም ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ደብተሩን ተዉት። ያን ቀን መለካት አያስፈልግም፣ ወዲያውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ።