«ጨመረ»ን በሚገባው ግስ መተካት፦ በዳታ ሪፖርት ውስጥ የቁጥርን ጉዞ እንዴት እንጽፋለን?

የሩብ ዓመት ሪፖርት ለማረም ስቀመጥ መጀመሪያ የማደርገው «ጨመረ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደተጻፈ መቁጠር ነው። በአንድ ገጽ ላይ ሰባት ስምንት ጊዜ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ችግሩ ግን ጆሮ መሰልቸቱ ብቻ አይደለም። «ጨመረ» የሚነግረን የዛሬው ቁጥር ከትናንቱ መብለጡን ነው። በአንድ ሌሊት ይሁን በአምስት ዓመት፣ እየፈጠነ ይሁን እየደከመ፣ አዲስ ጣሪያ ነክቶ ይሁን የወደቀበትን ቦታ መልሶ ይዞ፣ ይህን ሁሉ ለአንባቢው ግምት ይተወዋል።

ነገሩን በአንድ እውነተኛ ምሳሌ እንየው፤ የዶላር የባንክ ምንዛሪ በብር። ቁጥሮቹ በየዓመቱ የሰኔ መጨረሻ ገደማ የነበሩ ናቸው፣ ለንባብ እንዲመቹም ተጠጋግተዋል፦ በ2011 ዓ.ም 29 ብር፣ በ2012 35፣ በ2013 44፣ በ2014 52፣ በ2015 54.5፣ በ2016 57.5። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ በዚያው ቀን 75 ብር ገደማ ሆነ።

ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ጽሑፍ ይህን መረጃ እንዲህ ያቀርበዋል፦

«የምንዛሪ ተመኑ በ2012 ጭማሪ አሳይቷል። በ2013ም ጭማሪው ቀጥሎ ወደ 44 ብር ጨምሯል። በ2014 ተጨማሪ ጭማሪ ተመዝግቧል። በ2015 እና በ2016 በመጠኑ የጨመረ ሲሆን፣ በሐምሌ 2016 ከፍተኛ ጭማሪ ታይቷል።»

ስህተት የሚባል ቃል የለበትም። ነገር ግን ምን እንደሆነ አይታይም። አሁን ደረጃ በደረጃ እናስተካክለው።

1. ከግሱ በፊት ልዩነቱን ይጻፉ

ግስ ከመምረጥዎ በፊት በየሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነትና የፈጀውን ጊዜ በወረቀት ጠርዝ ላይ ያስፍሩ። በእኛ ምሳሌ 6፣ 9፣ 8፣ 2.5፣ 3 ብር በዓመት፤ ከዚያ 17.5 ብር በአንድ ቀን። ይህች ትንሽ ሥራ የታሪኩን ቅርጽ ወዲያው ታወጣዋለች። ሦስት ዓመት ፈጣን ጉዞ፣ ሁለት ዓመት ዝግታ፣ ከዚያ ዝላይ። ያ ሁሉ «ጨመረ» ያስፈለገን ሦስት ምዕራፍ መኖሩን ስላላየን ነበር።

2. የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ ይጠይቁ

አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው፤ ሪፖርት ስንጽፍ ግን ይህን ሀብት እንረሳዋለን። በቤታችን «የወረፋው ርዝመት ጨመረ» አንልም፤ «ወረፋው ረዘመ» ነው የምንለው። የሰው ቁጥር ይበዛል፣ የሁለት ወገን ልዩነት ይሰፋል፣ ጭነት ይከብዳል፣ ዕቃ ይወደዳል፣ በሽታ ይስፋፋል፣ ሥራ ይፋጠናል። እነዚህ ግሶች የሚለካውን ነገር በውስጣቸው ይዘዋል። ስለዚህ «የመጠበቂያ ጊዜ መጠን ጭማሪ አሳይቷል» የሚለው አምስት ቃል ያለው ሐረግ «የመጠበቂያ ጊዜው ረዘመ» ሲባል ያጥራል፣ ይጠራልም።

በዚሁ አጋጣሚ «ጭማሪ አሳይቷል»፣ «ጭማሪ ተመዝግቧል»፣ «የመጨመር አዝማሚያ ታይቷል» የሚሉትን ሁሉ ወደ ግስ ይመልሷቸው። ግሱን ወደ ስም ለውጦ ከኋላው ሌላ ግስ መቀጠል ዓረፍተ ነገሩን የቢሮ ያስመስለዋል እንጂ መረጃ አይጨምርለትም።

3. ቅርጹን የሚናገር ግስ ይምረጡ

አሁን በጠርዝ የጻፉትን ልዩነት ይመልከቱ። በአጭር ጊዜ ብዙ ከተራመደ «ዘለለ» ወይም «አሻቀበ» ይባላል። በትንሽ በትንሹ ከሄደ «አዘገመ»፣ ወይም «ቀስ በቀስ ከፍ አለ»። መውጣቱን ሳያቆም ፍጥነቱ ከቀነሰ «ረገበ» ወይም «ተቀዛቀዘ»። ወጣ ገባ ካለ «ዋዠቀ»፤ አንድ ቦታ ከተቀመጠ «ረጋ»። ትርጉም ያለው ወሰን ካለፈ «ተሻገረ»። «አንሰራራ» እና «አገገመ» ግን ቀድሞ ውድቀት እንደነበረ ይናገራሉ። ያ ውድቀት በሪፖርቱ ውስጥ ካልታየ አንባቢው ያልነበረ ታሪክ ይፈጥራል።

ግሱ የሚለው ሁሉ በመረጃው ውስጥ መኖር አለበት። የኢትዮጵያ ሕዝብ በ1987ቱ ቆጠራ 53.5 ሚሊዮን ገደማ፣ በ1999ኙ ደግሞ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ብቻ «ያለማቋረጥ በዛ» ወይም «ዕድገቱ ተፋጠነ» ብሎ መጻፍ አይቻልም። በመሃል የነበረውን አላየነውም፣ ፍጥነቱን የምናነጻጽርበት ሌላ ዘመንም አላስቀመጥንም። በሁለት ነጥብ የሚፈቀደው «ከዚህ ተነስቶ እዚህ ደረሰ» ማለት ነው። ስለ ፍጥነት መለወጥ ለመናገር ቢያንስ ሦስት ነጥብ ያስፈልጋል።

4. ማን ወጣ፣ ማን ወረደ?

የምንዛሪው ምሳሌ ሌላም ወጥመድ አለው። «የብር የምንዛሪ ተመን ጨመረ» የሚለውን ለሁለት ሰው ያንብቡት፤ አንዱ ብር ጠነከረ ይላል፣ ሌላው ዶላር ተወደደ ይላል። «ዶላር ተወደደ» ወይም «ብር ረከሰ» ብንል ግን ጥርጣሬ የለም። በመቶኛውም ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከ57.5 ወደ 75 ሲሄድ ዶላር በ30 በመቶ ተወደደ፣ ብር ግን ከዶላር አንጻር 23 በመቶ ገደማ ዋጋ አጣ። ግሱን ሳንወስን መቶኛውን ከጻፍን የአንዱን ቁጥር ለሌላው ልንሰጥ እንችላለን።

የዋጋ ግሽበት ላይ የሚደርሰው ስህተት ከዚህም ይከፋል። ዓመታዊ ግሽበቱ በግንቦት 2014 ከ37 በመቶ በላይ ነበር፤ በሰኔ 2016 ወደ 20 በመቶ ገደማ ወርዷል። «የዋጋ ጭማሪ ቀነሰ» ብሎ የጻፈ ሰው እውነት ተናግሯል። ገበያ ወጥታ ቲማቲም የገዛች አንባቢ ግን ዋጋ ቀነሰ እንደተባለች ትሰማዋለች፣ ሪፖርቱንም አታምነውም። ትክክል ትሆናለች፤ ዋጋ አልቀነሰም፤ የሚወደድበት ፍጥነት ነው የረገበው። ስለዚህ ለዋጋው አንድ፣ ለፍጥነቱ አንድ፣ ሁለት ግስ እንስጣቸው፦ «ዋጋ መወደዱን ቀጥሏል፤ ፍጥነቱ ግን ረግቧል።» ከ37 ወደ 20 መውረዱንም «በ17 በመቶ» አንበለው። የወረደው 17 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ በመቶ ከሆነ 46 ገደማ ይሆናል።

ከግሱ ጋር የሚሄደውን መነሻ ፊደልም ይፈትሹ። «በ44 ብር ጨመረ» እና «44 ብር ደረሰ» በ35 ብር ይለያያሉ። «በሁለት እጥፍ ጨመረ» ደግሞ ለአንዳንዱ 29 ብር 58 ሆነ ማለት ነው፣ ለሌላው 87። «እጥፍ ሆነ» ቢሉ ሁሉም 58 ብሎ ያነበዋል።

5. ግሱ ፍርድ ይዞ እንዳይገባ

«አደገ» ያሞግሳል፣ «ናረ» ያማርራል፣ «ተባባሰ» ይኮንናል። የወባ ታማሚዎች ቁጥር «አደገ» አይባልም፤ ጆሯችን ራሱ ይቃወማል። የደመወዝ ወጪ «ናረ» ሲባል ደግሞ ጸሐፊው ደመወዝ መከፈሉን የጠላው ይመስላል። አስተያየትዎን መስጠት ካለብዎ በመደምደሚያው ክፍል በግልጽ ይስጡ፤ መረጃ በሚቀርብበት ክፍል «ከፍ አለ»፣ «በዛ»፣ «ደረሰ» የሚሉት ገለልተኛ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የምጠነቀቅለት ነገር አለ። ለማሳመር ብቻ ግስ አይለዋውጡ። ሁለት ወረዳዎች እኩል 12 በመቶ ከጨመሩና አንዱን «አሻቀበ»፣ ሌላውን «ከፍ አለ» ካሉ፣ አንባቢው በመካከላቸው የሌለ ልዩነት ያያል። እኩል ለሆነ ነገር እኩል ቃል ይገባዋል። ያኔ «በሁለቱም ወረዳ በ12 በመቶ ጨመረ» ብሎ አንድ ጊዜ መጻፍ ትክክለኛው መፍትሔ ነው። «ጨመረ» ከአቅሙ በላይ ስላሠራነው ነው እንጂ መጥፎ ቃል ሆኖ አይደለም።

6. በፍለጋ ያጽዱ

ረቂቁ ሲያልቅ `Ctrl+F` ተጭነው ይፈልጉ። የአማርኛ ግስ ፊደሉን ስለሚለዋውጥ «ጨመረ» ብለው ቢፈልጉ ግማሹ ያመልጥዎታል። በተራ «ጨመ»፣ «ጨም»፣ «ጨማ» እና «ጭማ» ብለው ይፈልጉ፤ «መጨመር»፣ «ጨምሯል»፣ «ተጨማሪ»፣ «ጭማሪ» ሁሉ በእነዚህ ይያዛሉ። በእያንዳንዱ ላይ ቆም ብለው፣ ከላይ ባየናቸው ጥያቄዎች የተሻለ ግስ ከተገኘ ይተኩት፤ ካልተገኘ ይተዉት።

ምሳሌያችን ከዚህ ሁሉ በኋላ እንዲህ ይነበባል፦

«በ2011 ሰኔ መጨረሻ 29 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሦስት ዓመት ውስጥ በፍጥነት ተወዶ በ2014 52 ብር ደረሰ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ፍጥነቱ ረገበ፤ በዓመት ከ3 ብር ሳይበልጥ እያዘገመ በሰኔ 2016 57.5 ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በአንድ ቀን ወደ 75 ብር ዘለለ፤ ሳምንታት ሳይቆዩም 100 ብርን ተሻገረ።»

«ጨመረ» አንድም ጊዜ የለበትም፤ ሆን ተብሎ ግን አልተሸሸም፣ ቦታ አላገኘም እንጂ።

ጽሑፉን ከመላክዎ በፊት በአንድ የሥራ ባልደረባ ላይ ይሞክሩት። ቁጥሮቹን በጣት ሸፍነው ያንብቡለትና የሰማውን በእርሳስ መስመር እንዲስል ይጠይቁት። እኔ የመጀመሪያውን ረቂቅ ሳነብ ባልደረባዬ የሳለችው ከግራ ወደ ቀኝ የሚወጣ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነበር። ሁለተኛውን ሳነብላት መስመሩ መጀመሪያ ወጣ፣ ከዚያ ዘመም ብሎ ተኛ፣ መጨረሻ ላይ እርሳሱ ወደ ላይ ተተኮሰ። ግራፉን አጠገቡ ስናስቀምጠው ሁለቱ ተመሳሰሉ።