መልስ ላይ ሙሽራውን ስትተርቡ

ድሬ መልስ ተጠርታችሁ ሙሽራውን መተረብ ካማራችሁ፣ አማቶቹም ሽማግሌዎቹም ልጆቹም እዚያው እንዳሉ አስቡ። ራሱ እየሳቀ የሚያወራውን ልማዱን ምረጡ። ለምሳሌ ማርፈዱን፦ «ከዚራ ቀጥረነው ‹ደረስኩ› ይለናል፤ ገና ሳቢያን ቤቱ ጫማውን እየፈለገ ነው።» ይህን ሕፃኑም እንግዳውም ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። «የት እንደሚያመሽ እኛ ነን የምናውቀው» ካላችሁ ግን ያው ማርፈዱ ጥርጣሬ ይሆናል። የሙሽሪት እናት አትስቅም። መልክ፣ ገንዘብ፣ ዘርና የድሮ ፍቅር ጭራሽ አይነሱ፤ ልጆች የሰሙትን ነገ ለአያታቸው ይደግሙታል።

ጥሩ ተረብ መልስ አለው። ሙሽራው መልሶ ካልተረባችሁ፣ ፈገግ ብሎ አንገቱን ከደፋ፣ እዚያው አቁሙ። ጓደኞቻችሁ መሳቃቸውን አትዩ፤ እነሱማ ታሪኩን ድሮም ያውቁታል።