የደረት ራጅ ሪፖርት እንዴት ይነበባል? «ኤክስክሉድ አይደረግም» ማለት «አለ» ማለት አይደለም

የደረት ራጅ ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ገጽ ነው፤ የሚጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው። ዋናዎቹ ክፍሎች ሁለት ናቸው። ፋይንዲንግስ የሚለው ራዲዮሎጂስቱ፣ ማለትም ምስሉን የሚያነበው ሐኪም፣ በምስሉ ላይ ያየውን ይዘረዝራል፤ ኢምፕሬሽን የሚለው ደግሞ ያየው ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል ያለውን ግምት ይናገራል። የበሽታውን ስም ቆርጦ የሚሰጠው ግን ታማሚውን የመረመረው ሐኪም ነው፤ ሪፖርቱን ከሕመሙ ታሪክና ከላብራቶሪ ውጤት ጋር አገናኝቶ። ሰው በከንቱ የሚደነግጠው፣ አንዳንዴም በከንቱ የሚረጋጋው፣ እነዚህን ሦስት ነገሮች ሲያደባልቅ ነው።

መጀመሪያ የላይኛውን መስመር ያንብቡ። ስም፣ ዕድሜና ቀን የእርስዎ መሆናቸውን ካዩ በኋላ ፊልሙ «ፒኤ» ነው ወይስ «ኤፒ» የሚለውን ይፈልጉ። ፒኤ ታማሚው ቆሞ፣ ደረቱን ምስሉን በሚቀበለው ሰሌዳ ላይ አስደግፎ የሚነሳው ነው። ኤፒ ደግሞ መቆም ያልቻለ ሰው ተኝቶ ወይም ተቀምጦ፣ ጀርባውን ሰሌዳው ላይ አድርጎ የሚነሳው ነው። ልብ ወደ ደረት ፊት ስለምትቀርብ በኤፒ ጊዜ ከሰሌዳው ትርቃለች፤ ጥላዋም ይሰፋል። ማታ በኩራዝ ብርሃን እጅን ከግድግዳው እያራቁ ወደ ኩራዙ ሲያስጠጉ ጥላው እንደሚገዝፈው ማለት ነው። ስለዚህ «ካርዲዮሜጋሊ»፣ ማለትም የልብ መስፋት፣ የሚለው ቃል በኤፒ ፊልም ላይ ከመጣ ገና አይመኑት። በአዋቂ ሰው የፒኤ ፊልም ላይ ግን የልብ ስፋት ከደረት ውስጣዊ ስፋት ግማሽ ሲበልጥ ተጨማሪ ምርመራ ይገባዋል።

«ራይት» የሚለው የታማሚው ቀኝ ነው፤ ፊልሙን ፊት ለፊት ሲያዩት ግን በእርስዎ ግራ በኩል ይታያል።

ፋይንዲንግስን ሲያነቡ የመልክ ቃልን ከበሽታ ስም ይለዩ። «ኦፓሲቲ» ማለት ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ ነጣ ብሏል ማለት ብቻ ነው። ያነጣው ፈሳሽ፣ መግል፣ ጠባሳ ወይም ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉ አይመርጥም። «ሌዥን»ም ጤነኛ የማይመስል ቦታ ከማለት አያልፍም። ለዚህ ነው ሪፖርቱን በስልክ ፎቶ አንስቶ ለዘመድ መላክና በመዝገበ ቃላት ቃል በቃል ማስፈታት መጥፎ አቋራጭ የሚሆነው፤ «ሌዥን» «ቁስል» ተብሎ ይተረጎምና ቤተሰቡ ሁሉ የታማሚው ሳንባ ቆስሏል ብሎ ያድራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኢምፕሬሽን ላይ ነው። እዚያ የበሽታ ስም ይገኛል፤ ዓይን ስሙ ላይ ያርፍና ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለችውን ትንሽ ቃል ይዘላል። ፍርዱ ያለው ግን በዚያች ትንሽ ቃል ነው። «ኮንሲስተንት ዊዝ» ካለ የታየው ነገር ከዚያ በሽታ ጋር በደንብ ይገጥማል። «ሰጀስቲቭ ኦፍ» ካለ ወደዚያ ያመለክታል። «ሜይ ሪፕረዘንት» ካለ ከብዙዎቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። «ካንኖት ቢ ኤክስክሉድድ» ካለ ደግሞ «በዚህ ፊልም ብቻ የለም ብዬ መማል አልችልም» ማለቱ ነው። ሁሉም ሐኪም እነዚህን ቃላት በእኩል ሚዛን አይጠቀምም፤ የመጨረሻው ግን ምንጊዜም ደካማው ነው። ሆኖም ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው እሱ ነው፤ ምክንያቱም አንባቢው ቃሉን ትቶ ስሙን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

በምሳሌ እንየው። የዘጌ ነዋሪ የሆነች የ48 ዓመት ሴት ሦስት ሳምንት ሙሉ ስላሳላት በጀልባ ባሕር ዳር መጥታ ራጅ ተነሳች እንበል። በ2009 ዓ.ም. የሳንባ ቲቢ ይዟት የስድስት ወር መድኃኒቷን ጨርሳለች። ፋይንዲንግስ እንዲህ ይላል፦ በቀኝ ሳንባ የላይኛው ክፍል ፋይብሮሲስ፣ ማለትም ጠባሳ፣ እና ካልሲፊኬሽን አለ፤ ቮልዩም ሎስ አለ፤ ትራኪያው፣ ማለትም ዋናው የአየር ቧንቧ፣ ወደ ቀኝ ተስቧል፤ ካቪቲ፣ ማለትም በሳንባ ውስጥ የተፈጠረ ጉድጓድ፣ የለም፤ ፈሳሽ የለም፤ የልብ መጠን ደህና ነው። ኢምፕሬሽኑ ደግሞ፦ የቆየ ቲቢ ጠባሳ ይመስላል፤ ሪአክቲቬሽን፣ ማለትም የበሽታው ዳግም መነሳት፣ ካንኖት ቢ ኤክስክሉድድ፤ ከአክታ ምርመራ ጋር ይታይ።

ይህን ያነበበ ብዙ ሰው «ቲቢው ተመልሷል» ይላል። ፋይንዲንግሱ ግን የሚያወራው ሌላ ነው። በእሳት የተቃጠለ ቆዳ ሲድን እንደሚሸበሸብና ዙሪያውን እንደሚስብ፣ ሳንባም ሲድን ይኮማተራል፤ «ቮልዩም ሎስ» ይኸው ነው፣ ትራኪያውን የሳበውም ይኸው ነው። ካልሲፊኬሽን፣ ማለትም የካልሲየም ክምችት፣ ለመፈጠር ጊዜ ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ ወደ አሮጌ ጠባሳ ያዘነብላሉ። ታዲያ ራዲዮሎጂስቱ ለምን አይቆርጥም? ጠባሳ ውስጥ የተደበቀ አዲስ እንቅስቃሴን ከአንድ ፊልም መለየት ስለማይቻል ነው። መለያው ሁለት ነገር ነው፦ የድሮ ፊልምና አክታ።

የድሮው ፊልም ከተገኘ ነጩ ቦታ በዚያው መጠንና ቅርጽ መቆየት አለመቆየቱ ይታያል፤ ካልተለወጠ ጠባሳ የመሆኑ ነገር ይጠነክራል፤ አዲስ ጥላ ከተጨመረ ግን ነገሩ ይለወጣል። አክታው የሚሰጠው ከደረት ጥልቅ ተስሎ ነው፣ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ ምራቅ ለምርመራው አይበቃም። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የአክታ ምርመራ የሚፈልገው የባክቴሪያውን ዘረ መል ስለሆነ፣ ቀድሞ በታከመ ሰው ላይ የሞተውንም ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ ሴትዮዋ ቀድሞ መታከሟን ለሐኪሙ ሳትጠየቅ መናገር አለባት፤ «ፖዘቲቭ» ቢል እንኳ ሐኪሙ ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላብራቶሪ አሳድጎ የሚያይ ምርመራ፣ ሊጨምር ይችላል። «ኔጌቲቭ» ሆኖ ሳሉ፣ የሌሊት ላቡና ክብደት መቀነሱ ከቀጠለ ደግሞ ምርመራው እዚያ አያበቃም።

ተቃራኒውም ስህተት አለ። «ኖ አክቲቭ ላንግ ዲዚዝ» የሚል ሪፖርት በዚህ ፊልም ላይ አልታየም ይላል እንጂ በሽታ የለም አይልም። በተለይ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ቲቢ ኖሯቸው ራጃቸው ንጹሕ ሊመስል ይችላል።

ፋይንዲንግስ ውስጥ ተጽፎ ኢምፕሬሽን ውስጥ ያልተነሳ ነገር ካገኙ፣ ለምሳሌ የአከርካሪ መድከም፣ ብዙውን ጊዜ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ስለሆነ ነው የታለፈው። እርግጠኛ ለመሆን ሐኪሙን ይጠይቁ። «ኒሞቶራክስ»፣ ማለትም በሳንባ ዙሪያ አየር ገብቷል፣ የሚል ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይመለሱ። ደም የቀላቀለ አክታ ካለም ሪፖርቱ ምንም ይበል ምን እንዲሁ ያድርጉ።

ሐኪሙ ጋ ሲገቡ «ምን በሽታ ነው?» ከማለት ይልቅ «ይሄ አዲስ ነው የቆየ? ለመለየትስ ምን ይቀራል?» ብለው ይጠይቁ። የድሮውን ፊልም ይዘው ይሂዱ፤ ሳይታጠፍ፣ ከምድጃ ሙቀትና ከእርጥበት ርቆ በፖስታው ውስጥ የቆየ ይሁን፣ ጀርባው ላይም የተነሳበት ቀን ይጻፍበት።