ፎቶው ላይ ያለው እንስሳ ነው ወይስ አሻንጉሊት? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

«ይሄ ምን እንስሳ ነው?» የሚል ፎቶ ሲላክልኝ ዓመታት ሆነኝ። ብዙ ጊዜ መልሱ «እንስሳ አይደለም» ነው። ፎቶውን በምስል ፍለጋ አስገብቶ መጀመሪያ የወጣበትን ቦታ መፈለግን ታውቁታላችሁ ብዬ ልለፈው። እዚህ የምጽፈው ፍለጋው ምንም ሳያወጣ ሲቀር ስለሚደረገው ነው።

ቀላሎቹን ቶሎ ልጨርስ።

ምልክት፦ ቅርጹ ትክክል፣ ቀለሙ ግን ጉድ ነው።
መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ኤዲት ነው። በየቦታው የዞረው ድፍን ጥቁር አንበሳ የነጭ አንበሳ ፎቶ ሆኖ ቀለሙ የተቀየረ ነበር። መፍትሄው እንስሳውን ትቶ ዳርዳሩን ማየት ነው። ጸጉሩ ከኋላው ካለው ሣር ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አጉሉት። ቀለም የቀየረ ሰው ቀጫጭን ጸጉሮችን አንድ በአንድ ማዳረስ ይሰለቸዋል፣ ስለዚህ ጫፋቸው ላይ የድሮው ቀለም ይቀራል ወይም አዲሱ ቀለም ሣሩ ላይ ይፈሳል።

ምልክት፦ ጫጩቱ የትልቁን ወፍ ልብስ ለብሷል።
በኮምፒውተር የተፈጠረ ምስል ነው። የጣዎስ ጫጩት ቡናማ ነገር ናት፣ ከዶሮ ጫጩት ብዙም አትለይም። ሰማያዊ አንገትና ትንሽዬ የተዘረጋ ጅራት ካያችሁ አትድከሙ።

ምልክት፦ እንስሳው እውነተኛ፣ አቋቋሙ ግን ግትር ነው።
ሞቶ ቆዳው የተሞላ ሊሆን ይችላል። አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ዕድሜዬን ወደ በላው ልምጣ።

ምልክት፦ አንድ ፎቶ ብቻ፣ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ እንስሳው አይንቀሳቀስም፣ «ወድቆ አገኘሁት» ይባላል።

መንስኤው በእጅ የተሠራ ቅርጽ ወይም በፎርማ የወጣ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው። «እኔ አልሸወድም» የሚል ሰው ይቺን ታሪክ ይስማ። በፈረንጆቹ 2020 ነሐሴ አናፊ በምትባል የግሪክ ደሴት ዳርቻ አንድ ሰው ድንጋይ ላይ የተጋደመች ትንሽ ሻርክ ፎቶ አነሳ። ፎቶው ተመራማሪዎች እጅ ገባ። እነሱም በ2022 በአንድ ሳይንሳዊ መጽሔት ላይ ጎብሊን ሻርክ የሚባለው የጥልቅ ባሕር ሻርክ «ለመጀመሪያ ጊዜ በሜዲትራኒያን ተገኘ» ብለው አወጡት። ዓሣውን በእጃቸው አልያዙትም። ያላቸው ያ ፎቶ ብቻ ነበር።

ሌሎች የሻርክ ባለሙያዎች ፎቶውን ሲያዩት መቁጠር ጀመሩ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ መቁጠር ላይ ነው። ጎብሊን ሻርክ በያንዳንዱ ጎኑ አምስት የስንጥብ ክፍተት አለው፣ ፎቶው ላይ ያለው ግን ይጎድለዋል። ክንፎቹ ጫፋቸው ደብልቧል። መንጋጋው የደረቀ ይመስላል፣ የእውነተኛው መንጋጋ ግን አደን ሲይዝ ወደ ፊት የሚወነጨፍ ነው። ከዚያ ደግሞ የመጠን ጉዳይ መጣ። መጀመሪያ 80 ሴንቲሜትር ያህል ነው ተብሎ ነበር፣ ጥያቄው ሲበዛ ጸሐፊዎቹ ወደ 17–20 ሴንቲሜትር ዝቅ አደረጉትና ገና ያልተወለደ ፅንስ ሊሆን ይችላል አሉ። አዋቂው ከሦስት ሜትር በላይ የሚሆን ዓሣ እኮ ነው! ገበያ ላይ ያለ አንድ የፕላስቲክ ጎብሊን ሻርክ ከፎቶው ጋር ሲነጻጸር ቁርጥ እሱን መሰለ። በ2023 ጸሐፊዎቹ ጽሑፉን ከመጽሔቱ ሳቡት።

እነዚያ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ያየነውን ነገር ስሙን ካወቅነው በኋላ ዓይናችን የጎደለውን ራሱ ይሞላል። ለዚህ ነው ስም ከመስጠት በፊት መቁጠር የሚያስፈልገው።

መፍትሄ፣ እኔ በምሠራበት ቅደም ተከተል፦

መጀመሪያ ቁጠሩ። ስንት እግር? ስንት ጣት? እግሩ የበቀለው ከየት ነው? አንዲት ሴት የነጭ ጸጉራም የእሳት እራት ፎቶ ልካ ሦስት ቀን አከራከረችኝ። ጸጉሩ፣ ክንፉ፣ ላባ የመሰለው ቀንዱ ሁሉም ልክ ነው። እግሩ ግን አራት ነበር፣ ሁለቱ ደግሞ ከሆዱ ነው የወጡት። የእሳት እራት ስድስት እግር አለው፣ ስድስቱም ከደረቱ ነው የሚበቅሉት። ከሱፍ የሠራው ሰው ለማቆም አራት በቃው፣ ምን ገዶት።

ቀጥሎ ዓይን። የሕያው እንስሳ ዓይን ከቆቡ ጋር የሚገናኝበት ቀጭን የእርጥበት መስመር አለው፣ ብርሃን ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። የአሻንጉሊት ዓይን ከውጭ የተተከለ ዶቃ ነው። ዙሪያው ደረቅ ነው፣ አንዳንዴም የማጣበቂያ ጠርዝ ይታያል። ዓይን ብቻውን ግን አያስፈርድም፣ የነፍሳትና የእባብ ዓይን የሚገለጥና የሚከደን ቆብ ስለሌለው ይሄ ምርመራ እነሱ ላይ አይሠራም።

ከዚያ ቀዳዳዎቹን እዩ። አፍንጫ፣ ጆሮ፣ የአፍ ውስጥ። ቅርጽ ሠሪ ከላይ ተጨንቆ ይሠራና ቀዳዳው ጋ ሲደርስ በጥቁር ቀለም ነክቶ ያልፋል። በፎርማ የወጣ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት ቀጭን መስመር በሆዱ ወይም በጎኑ ርዝመት ይሄዳል፣ ጥርሶቹም እንደ መጋዝ አንድ ላይ የተያያዙ ናቸው። ርካሽ አሻንጉሊት ላይ ቀይ የአፍ ቀለም ከንፈሩን አልፎ ይወጣል። እሱንስ እግዜር ይስጣቸው፣ ሥራ ያቀሉልኛል።

በመጨረሻ ሁለተኛ ፎቶ ጠይቁ፣ ከሥሩ የተነሳ፣ አጠገቡ ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ ያለበት። «ጠፋብኝ»፣ «በረረ»፣ «ውሻ በላው» ከተባለ በቂ መልስ አግኝታችኋል ማለት ይቻላል። ማለት ይቻላል ነው ያልኩት፣ አንዳንዴ እውነትም ይበራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎቶውን ቆርጣችሁ አትላኩልኝ! ዳሩ ላይ ነው የጠረጴዛው ጠርዝ፣ የሠሪው ጣት፣ የክር ጥቅሉ ያለው። ከስክሪን ላይ በሌላ ስልክ አንስታችሁም አትላኩ። ቆንጆ ለማድረግ ፊልተር የምትጨምሩማ የጸጉሩንም የቆዳውንም ዝርዝር ስለምታጠፉት እውነተኛው እንስሳ ራሱ ጎማ ይመስላል። ከዚያ እኔ ነኝ የምሰደበው።

ሌላው ስህተት የተገላቢጦሹ ነው፣ እንግዳ የሆነውን ሁሉ «አሻንጉሊት ነው» ማለት። በፈረንጆቹ 2009 የእንስሳት ተመራማሪው አርተር አንከር በቬኔዙዌላ ግራን ሳባና በሚባል አካባቢ ያነሳው ጸጉራም ነጭ የእሳት እራት ብዙ ሰው አሻንጉሊት ያለው እውነተኛ ነፍሳት ነው። ችግሩ ከሱፍ የተሠሩ ቅጂዎች በሱ ስም መዞራቸው ነው፣ የሴትየዋም ከነዚያ አንዱ ነበር። ፕላቲፐስ የሚባለው፣ የዳክዬ የመሰለ አፍ ያለውና እንቁላል የሚጥለው የአውስትራሊያ እንስሳ ደግሞ የባሰ ነው። በ1799 የገለጸው እንግሊዛዊው ጆርጅ ሾው የደረቀ ቆዳ በእጁ ይዞ እንኳ አንድ ሰው የዳክዬ አፍ አጣብቆበት እንዳይሆን ጠርጥሮ ነበር። ዛሬ ደግሞ «የፕላቲፐስ ግልገል» ተብሎ የሚዞረው፣ መዳፍ ላይ የተቀመጠው ድብልብል ነገር፣ የቅርጻ ቅርጽ ሥራ ነው። አዲስ የተፈለፈለው ግልገል ጸጉር የለውም፣ መጠኑም ከባቄላ ፍሬ ብዙ አይበልጥም። ይቺን ፎቶ የምትልኩልኝ ካላችሁ ከአሁኑ መልሴን ይኸው።