ሶልቨሩ «በር ብቻ ሥራ» ሲል፦ የብረት በርና መስኮት ሼድ የሊኒየር ፕሮግራሚንግ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ይህ አዳማ ውስጥ በርና መስኮት ለሚበይዱ አነስተኛ ሼዶች የተጻፈ ነው። ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ባለው ሰዓትና ብረት ከእያንዳንዱ ዕቃ ስንት ቢሠራ ብዙ ብር እንደሚቀር ማስላት ነው፤ ሶልቨር ይህን የሚያሰላው የኤክሴል መሣሪያ ነው። ኤክሴል ላይ ሶልቨርን መክፈት፣ `Simplex LP` መምረጥ፣ ከዜሮ በታች ቁጥር እንዳይመጣ ሳጥኗን ምልክት ማድረግ የታወቀ ስለሆነ አልደግመውም። ትኩረቱ ሶልቨሩ ያለ ስህተት ሠርቶ፣ የሰጠው ዕቅድ ግን ኪስ የሚጎዳ ሲሆን ነው።

ለሁሉም ማሳያ አንድ ሼድ እንውሰድ። ዋጋዎቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፤ የራስዎን ይተኩ። አንድ በር 6 የብየዳ ሰዓትና 4 ቱቦላሬ ይበላል። አንድ መስኮት 4 ሰዓትና 2 ቱቦላሬ ይበላል። በሳምንት የሚገኘው 120 የሥራ ሰዓትና 72 ቱቦላሬ ነው። በሩ 13,000 ብር ይሸጣል፤ ቱቦላሬው፣ ላሜራው፣ ማጠፊያው፣ ቁልፉ፣ ኤሌክትሮዱና ቀለሙ 9,400 ይወስዳሉ፤ 3,600 ይቀራል። መስኮቱ 7,000 ተሽጦ ዕቃው 5,000 ይወስዳል፤ 2,000 ይቀራል።

```
B2, C2 = የበርና የመስኮት ብዛት
B3, C3 = ቀሪ ብር    B4, C4 = ሰዓት    B5, C5 = ቱቦላሬ
D3: =SUMPRODUCT($B$2:$C$2,B3:C3)
D4: =SUMPRODUCT($B$2:$C$2,B4:C4)    D4 <= 120
D5: =SUMPRODUCT($B$2:$C$2,B5:C5)    D5 <= 72
```

ትክክለኛው መልስ 12 በርና 12 መስኮት ነው። ሰዓቱም ቱቦላሬውም ልክ ያልቃሉ፤ የሚቀረው 67,200 ብር ነው። ደመወዝና ኪራይ የሚከፈለው ከዚህ ላይ ነው።

ምልክት፦ ዕቅዱ አንድ ዕቃ ብቻ ይመርጣል፣ ሠራተኛ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፣ ቅዳሜ ካዝናው ውስጥ ያለው ብር ወረቀቱ ካለው ያንሳል

ደጋግሞ የሚመጣው ይሄ ነው። ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ብር የሚያስወጣውም ይሄው ነው።

መንስኤው `B3` እና `C3` ውስጥ ነው። ባለቤቱ «ትርፍ ማለት ወጪ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ ነው» ብሎ ደመወዝንና የሼድ ኪራይን በሰዓት አካፍሎ ከእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ይቀንሳል። በምሳሌያችን የበያጆች፣ የረዳቶችና የኪራይ ወጪ በሳምንት 30,000 ብር ይሁን። ለ120 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 250 ብር ይደርሳል። ስለዚህ በሩ ላይ 1,500፣ መስኮቱ ላይ 1,000 ይቀነሳል። ሶልቨሩ የሚያየው 3,600 እና 2,000 መሆኑ ቀርቶ 2,100 እና 1,000 ይሆናል።

ለሂሳብ መዝገብ ይህ ጥሩ ነው፤ ለዕቅድ ግን መርዝ ነው። በፊት በሩ የመስኮቱን 1.8 እጥፍ ያስገኝ ነበር፤ አሁን 2.1 እጥፍ ሆነ። በር ከመስኮት እጥፍ ቱቦላሬ ይበላል፤ ቀሪው ከእጥፍ ካለፈ ሶልቨሩ ቱቦላሬውን በሙሉ ለበር ይሰጣል። «18 በር፣ 0 መስኮት፣ 37,800 ብር» ይላል። 12 ሰዓት ይተርፋል።

እዚህ ላይ ነው ጉዳቱ የሚደበቀው። ሶልቨሩ ያልተሠራባቸውን 12 ሰዓቶች ደመወዝ እንዳልተከፈለ አድርጎ ቆጥሯል። ሠራተኛው በወር የሚከፈለው ከሆነ ግን 12ቱን ሰዓት ተቀምጦም ይከፈለዋል። 18 በር ሲባዛ በ3,600፣ 64,800 ነው፤ 30,000 ሲቀነስ 34,800 ይቀራል። ወረቀቱ 37,800 ብሎ ነበር። ልዩነቱ 3,000 ብር ልክ 12 ሰዓት በ250 ነው። ትክክለኛው ዕቅድ ግን ከ67,200 ላይ 30,000 ተነስቶለት 37,200 ያስቀራል። ሳምንት በሳምንት 2,400 ብር ያለ ሌባ ይጠፋል ማለት ነው።

ይሄው በሽታ ሌላ መልክም አለው። ባለቤቱ ከፌሮ የሚሠራ የመስኮት ፍርግርግ ትእዛዝ ይመጣለታል እንበል። 10 ሰዓት ይፈጃል፣ ቱቦላሬ አይነካም፣ ከዕቃው ወጪ በኋላ 2,400 ብር ይቀረዋል። በ250 ሂሳብ 2,500 ሲቀነስ ከዜሮ በታች 100 ይሆናል። «ኪሳራ ነው» ተብሎ ደንበኛው ይመለሳል። በዚያው ሳምንት በያጁ 12 ሰዓት ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። 2,400 ብር በሩ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። አንድ ዕቃ ከዜሮ በታች ከመጣብዎ ከመሰረዝዎ በፊት ቁጥሩ ውስጥ ደመወዝ እንዳለ ይፈትሹ።

በሽታው መኖሩን በሁለት መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። አንደኛ፣ ወረቀቱ ካለው ላይ ካዝናው ውስጥ ያለውን ቀንሰው ለተረፈው ሰዓት ያካፍሉ። ውጤቱ እርስዎ በሰዓት ከቀነሱት ብር ጋር ከገጠመ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ። ሁለተኛ፣ በሰዓት የሚቀንሱትን ብር ዜሮ አድርገው ሶልቨሩን እንደገና ያስኪዱ። የዕቃዎቹ ብዛት ከተለወጠ ዕቅዱን ሲመራው የነበረው ቋሚ ወጪ ነው።

መፍትሄው፦ በዕቃው ላይ የሚቀንሱት ያ ዕቃ ባይሠራ የማይወጣውን ብር ብቻ ነው። ቱቦላሬ፣ ላሜራ፣ ኤሌክትሮድ፣ ዲስክ፣ ቀለም፣ ቁልፍ፣ ማድረሻ ይቀነሳሉ። የወር ደመወዝና ኪራይ አይቀነሱም፤ መጨረሻ ላይ ከጠቅላላው ድምር አንድ ጊዜ ይነሳሉ።

ተጠንቀቁ፦ በያጁ የሚከፈለው በሠራው በር ቁጥር ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ክፍያው እንደ ቱቦላሬ ነው፤ መቀነስ አለበት። ሁለት በያጅ በወር፣ አንዱ በቁጥር የሚከፈልበት ሼድ ካለዎት የሱን በር በሌላ አምድ ይጻፉ፤ ሰዓቱንም ለብቻው ይገድቡ።

ተጠንቀቁ፦ ትርፍ ሰዓትም ባይሠራ የማይከፈል ስለሆነ ወጪው ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ከበሩ ላይ አይቀነስም፤ ስንት እንደሚያዋጣ የሚነግርዎት `Sensitivity` ሪፖርቱ ነው። `Shadow Price` የሚለው አምድ በምሳሌያችን ለአንድ ሰዓት 200፣ ለአንድ ቱቦላሬ 600 ይላል። ይህ ማለት አንድ ሰዓት ቢጨመር ቀሪው በ200 ብር ያድጋል ነው። የበያጁ መደበኛ ክፍያ በሰዓት 120 ብር ቢሆን፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፤ 180 ብር ነው፤ ያዋጣል። በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ 240 ብር ነው፤ በእያንዳንዱ ሰዓት 40 ብር ይከስራሉ። ረዳቱም አብሮ የሚያመሽ ከሆነ የሱን ይደምሩበት።

600 ብሩም እንዲሁ ነው። የታወቀው ነጋዴ ቱቦላሬ ጨርሶ ሌላው ዋጋ ጨምሮ ሲጠራ፣ ከተለመደው ዋጋ በላይ እስከ 600 ብር መጨመር ያዋጣል። ግን እስከ 8 ቱቦላሬ ብቻ ነው፤ `Allowable Increase` የሚለው አምድ ይህን ይነግራል። ከ80 ቱቦላሬ በላይ ቢያመጡ ሰዓት ስለማይኖር ብረቱ ቆሞ ይዝጋል።

ምልክት፦ ዕቅዱ ሐሙስ ላይ ይሰበራል፤ ቅዳሜ ቱቦላሬ ይተርፋል፣ ያልደረሰለት ደንበኛ ይቆማል

ሦስት በያጅ በ48 ሰዓት 144 ይሆናል ተብሎ ተጽፏል። 48 ሰዓት ሕጉ የሚፈቅደው መደበኛ የሳምንት ሰዓት ነው እንጂ ብየዳ የሚሠራበት ሰዓት አይደለም። መብራት ይጠፋል፤ ብረት ይራገፋል፤ ደንበኛ ልኬት ይዞ ይመጣል፤ ዲስክ ያልቃል።

ይህ ስህተት ቁጥሩን ብቻ ከፍ አድርጎ አይተውም፤ ዕቅዱን ይገለብጠዋል። 120ውን በ144 ቢተኩ ሶልቨሩ «0 በር፣ 36 መስኮት፣ 72,000 ብር» ይላል። ሰዓት የተትረፈረፈ መስሎት ሰዓት የሚበላውን፣ ቱቦላሬ የሚቆጥበውን መስኮት ይመርጣል። እውነተኛው 120 ሰዓት የሚያወጣው 30 መስኮት ነው። 60,000 ብር ይገኛል፣ 12 ቱቦላሬ ይተርፋል፣ 6 መስኮት ዕዳ ይሆናል። ከ12 በርና 12 መስኮቱ በ7,200 ብር ያነሰ ነው።

መፍትሄው ደብተር ነው። ለሁለት ሳምንት እያንዳንዱ በያጅ ሥራ የጀመረበትንና ያቆመበትን ይጻፉ፤ ገደቡ ላይ የሚገባው ከሁለቱ ሳምንት ያነሰው ነው። የአንድ በር 6 ሰዓትም በዚያው ደብተር ይለካ። በሩን ሲለኩ መብራት የጠፋበትን አብረው ቆጥረው፣ ጠቅላላውንም ሰዓት ስለ መብራት ከቀነሱ አንዱን መጥፋት ሁለት ጊዜ ቆጥረዋል፤ ያኔ ዕቅዱ ያንሳል፣ ሠራተኛ ረቡዕ ይጨርሳል።

ምልክት፦ ሰዓቱ ልክ ነው፣ ቱቦላሬው ግን ከዕቅዱ በፊት ያልቃል

በሜትር ተቆጥሯል። ቱቦላሬ 6 ሜትር ነው፤ 2.10 ሜትር የሆነ የበር ቋሚ ከአንዱ ሁለት ብቻ ይወጣል፣ 1.80 ሜትር ይተርፋል። ለ6 ቋሚ በሜትር 12.60 ነው፤ «ሁለት ከምናምን ቱቦላሬ» የሚል ሰው መጋዙ ጋ ሲደርስ ሦስት ይፈጅበታል። መጀመሪያ አቆራረጡን በወረቀት ይሳሉ፣ ከዚያ ቱቦላሬውን በቁጥር ይጻፉ። የተረፈችው 1.80 መስኮት ላይ በእርግጥ የምትገባ ከሆነ ብቻ ለመስኮቱ ይቀንሱለት። ምናልባት ትገባለች ተብላ ጥግ የተከመረች ቁራጭ ዕቅድ ውስጥ አትገባም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

አምስት ዕቃ ጽፈው ሁለት ብቻ ከተመረጠ ስህተት አይደለም፤ ገደቡ ሁለት ከሆነ መልሱ ላይ ከሁለት በላይ ዕቃ አያስፈልግም። ገበያው የሚወስደውን ብዛት እንደ ገደብ ሲጨምሩ ዝርዝሩ ይሰፋል።

`The Objective Cell values do not converge` ካለ አንድ ዕቃ ምንም ገደብ አልነካውም፤ በምሳሌያችን `D4` እና `D5` ሁለቱም ቀመር መሆናቸው ቀርቶ በእጅ የተጻፉ ቁጥሮች ሲሆኑ ይህ ይመጣል።

`Solver could not find a feasible solution` ካለ እንደ ገደብ የጻፏቸው፣ ቀብድ የተቀበሉባቸው ትእዛዞች ብቻ ከሰዓቱ ወይም ከቱቦላሬው በልጠዋል፤ ወደ ደንበኛው ስልክ ይደውሉ።

7.4 በር ከመጣ 7 ይጨርሱ፣ ስምንተኛውን ጀምረው ለሰኞ ያቆዩ። ወደ 8 አያሳድጉ፤ ገደቡን ያልፋሉ። `int` የሚለውን ገደብ ከጨመሩ ደግሞ `Sensitivity` ሪፖርቱ አይወጣም፤ መጀመሪያ ያለሱ አስኪደው 200ውንና 600ውን ይመዝግቡ።